ከመጨረሻው ዴስክ የተሞላ ቅጽ

ምክትል ርዕሰ መምህርት የሆንኩት ሌላ ሰው ስላልፈለገው ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ በቆርቆሮ ቤቶች መሐል በተሸጎጠች የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። የቀድሞው ምክትል የግል ትምህርት ቤት ገብቶ ሲለቅ፣ ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ሁሉም እምቢ አሉት። በመጨረሻ እኔ ጋ ደረሰ። እምቢ የምልበትን ጥሩ ምክንያት እያሰብኩ ዘገየሁና ተሾምኩ።

ሹመቱ ከአንድ ቁልፍ፣ ከአንድ የብረት ካቢኔና ከሦስት ቀን ስልጠና ጋር መጣ። ስልጠናው ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። መምህር ሲያስተምር ክፍል ገብቶ መመልከት፣ በመመዘኛ ማየትና ግብረ መልስ መስጠት የሚባለውን ተማርን። አሠልጣኟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉ፣ የገመታችሁትን ተዉት አለችን። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ማስረጃ ሰብስቡ፤ ከክፍል ስትወጡ መጀመሪያ መምህሩ ይናገር፤ ከሁለት ነገር በላይ እንዲያሻሽል አትጠይቁት፤ መቼ ተመልሳችሁ እንደምታዩት ተነጋግራችሁ ተለያዩ። ዋናው ዓላማ መምህሩን ማሳደግ እንጂ መቅጣት አይደለም ስትል ሁላችንም ጻፍነው። እኔ እንዲያውም ከሥሩ አሰመርኩበት።

ቅጹ አሥራ ስምንት ነጥብ ነበረው። እያንዳንዱ ነጥብ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ አለው፤ ከየደረጃው ጎንም እዚያ የደረሰ መምህር ምን እንደሚያደርግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገልጿል። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ድምር» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ስለ ሳጥኗ ስልጠናው ላይ ማንም አልተነፈሰም። ክፍለ ከተማው በየወሩ የሚጠይቀን ግን እሷን ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመረጥኩት የስድስተኛ ክፍሉን የሒሳብ መምህር ነበር። የመረጥኩበት ምክንያት ያሳፍራል። ጎበዝ ነው ይባል ስለነበር፣ በጥሩ ውጤት መጀመር ፈለግሁ። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ከቄራ በእግሩ እየመጣ ከሁላችንም ቀድሞ የሚደርስ፣ የእጅ ጽሑፉ እንደ ሕትመት የሆነ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ከገባሁ ጀምሮ «አንቺ ልጅ» ነበር የሚለኝ። በተሾምኩ ማግስት በር ላይ ቆሞ «እንደምን አደሩ» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከዚያን ቀን ወዲያ «እርስዎ» ሆንኩ። ሰውን የሚያከብሩበት እርስዎ አለ፤ ከሰው የሚርቁበትም እርስዎ አለ። የእኔ ሁለተኛው ነበር።

በስልጠናው መሠረት ክፍል ከመግባቴ በፊት አነጋገርኩት።

«የነገው ትምህርት ምንድን ነው?»

«ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር።»

«በተለይ ምን እንድመለከትልዎ ይፈልጋሉ?»

«ዓይንዎ ያረፈበትን» አለኝና ወደ ክፍሉ ሄደ።

በማግስቱ ከመጨረሻው ዴስክ፣ አረንጓዴ ሹራብ ከለበሰች ተማሪ ጎን ተቀመጥኩ። ዴስኩ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቴ ከሥሩ አልገባ ብሎ በጎን ዞሬ ነበር የተቀመጥኩት። ልጅቷ የእኔን ቅጽ አየት አደረገችና ደብተሯን በክንዷ ሸፈነች። ፈተና ላይ ጎን ለጎን የተቀመጥን ተፎካካሪዎች መሰልን።

የሒሳቡ መምህር ሰሌዳውን ለሦስት ከፈለው። ቀኑን፣ ርዕሱንና ዓላማውን ጻፈ። ከጠረጴዛው ሥር ከፓስታ ካርቶን የተቆረጠ ክብ አወጣ። ክቡ በቀይ እስክሪብቶ ተከፋፍሏል። ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ፤ ትንሽ ዞር ብሎ ለእኔ ደግሞ አሳየ፤ መልሶ አስቀመጠውና ትምህርቱ እስኪያልቅ አልነካውም። እኔ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» በሚለው ነጥብ ፊት ሦስት ጻፍኩ።

ከዚያ ማስተማር ጀመረ። ድምፁ ግልጽ ነው፣ ሰሌዳው ያምራል፣ ደረጃዎቹ ተራቸውን ይዘው ይወርዳሉ። «የሁለትና የሦስት የጋራ ብዜት ስንት ነው? ስድስት። ስለዚህ ግማሽ ስንት ስድስተኛ ይሆናል? ሦስት ስድስተኛ። ሲሶስ? ሁለት ስድስተኛ። ስንደምራቸው? አምስት ስድስተኛ። ገባችሁ?»

«ገብቶናል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ይህ «ገብቶናል» የሰሌዳውን አቧራ ያረግፋል። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችውም ከሁሉም አስበልጣ ነው የጮኸችው። መምህሩ የሚሠሩት ጥያቄ ሰጣቸው። እሷም ስትሠራ ክንዷን ከደብተሯ ላይ አነሳች። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ ይሆናል ሁለት አምስተኛ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ በማስመሪያ አስምራበታለች። ሰሌዳው ላይ ያለውን ትክክለኛ መልስ ከጎኑ በጥንቃቄ ገልብጣዋለች። ሁለቱ ሳይጣሉ ተጎራብተው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊቴና በግራዬ ያሉትን ሦስት ደብተሮች አሻግሬ ሳይ፣ ሁለቱ ላይ ያው ሁለት አምስተኛ አለ።

ያኔ ነው አሠልጣኟ ማስረጃ ሰብስቡ ያለችው ትዝ ያለኝ። በቅጹ ጀርባ መቁጠር ጀመርኩ። ትምህርቱ ሲያልቅ፣ ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ መምህሩ ሃያ ሰባት ጥያቄ ጠይቋል። ሃያ አንዱን ራሱ መልሷል። ስድስቱን የመለሱት ከፊት የሚቀመጡ ሦስት ልጆች ናቸው።

ግብረ መልሱን የሰጠሁት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል በሚባለው ክፍል ነው። አንድ ግድግዳ ሙሉ የሰው አጽም ሥዕል፣ አንድ ዘንግ የሌላት ሉል፣ ሁለት ወንበር። ሻይ አስመጣሁ። እንደተማርኩት ቅድሚያ ለእሱ ሰጠሁ።

«ትምህርቱ እንዴት ነበር ይላሉ?»

«እርስዎ ነበሩ እኮ። እርስዎ ይንገሩኝ።»

ለዚህ መልስ አልሠለጠንኩም። ዝም ብዬ ብጠብቅ ኖሮ ምናልባት ይናገር ነበር፤ እኔ ግን ዝምታው ስለከበደኝ ቅጹን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። ከአንደኛው ነጥብ እስከ አሥራ ስምንተኛው፣ ደረጃውን ከነማብራሪያው። የሰሌዳ አጠቃቀም አራት። የዕቅድ ዝግጅት አራት። የተማሪ ተሳትፎ ሁለት። «ነገር ግን» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ስጨርስ ሻዩ በርዷል።

«ድምሩ ስንት ሆነ?» አለኝ።

«ሃምሳ ስምንት። ከሰባ ሁለት። ጥሩ ነው።»

«የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

አሳየሁት። ያንን የሚያምር ፊርማውን አኖረና «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ። አንድም ነገር አልተከራከረም። ርዕሰ መምህሩ ሃምሳ ስምንቱን ሲያይ ደስ አለው፤ «በጣም ጥሩ አጀማመር ነው» ብሎኝ ለክፍለ ከተማው እንዲላክ አደረገ። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ያ ሁለት አምስተኛ ከነድርብ መስመሩ ፊቴ ላይ ይመጣል። አሥራ ስምንት ነገር ነግሬው የነገርኩት ነገር አልነበረም። ደብተሮቹን እንኳ አላነሳሁለትም። ለምን ብባል፣ ደብተር የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ብቻውን ፈተና ሲያርም አገኘሁት። ቅጹን አልያዝኩም። የቆጠርኩበትን ወረቀት ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ትላንት ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አልኩት፤ ስለ ጥያቄዎቹና ስለ ደብተሮቹ ነገርኩት።

ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። «ማነው የቆጠረው?»

«እኔ።»

«ተሳስተው ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል። አንድ ሁለት ልስት እችላለሁ።»

ቀዩን እስክሪብቶ ክዳኑን ከደነ። የተቆጣ መሰለኝ። «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አስተማርኩ» ሊለኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ያለኝ ሌላ ነው።

«እርስዎ ሳይንስ ለአምስተኛ ክፍል ያስተምራሉ አይደል?»

«አዎ። በሳምንት ስድስት ክፍለ ጊዜ አልቀረልኝም።»

«ልግባ?»

ምክትል የሆነች ሰው በምትመዝነው ሰው ትመዘን የሚል መመሪያ የለም። አትመዘን የሚልም አላገኘሁም፤ ፈልጌ ነበር። ሐሙስ ዕለት መጣ። የመጨረሻው ዴስክ ላይ እንደኔ በጎን ዞሮ ተቀመጠ። ትምህርቱ ስለ ዕፅዋት ነበር። እውነቱን ልናገር፤ በጣም ተዘጋጅቼበታለሁ። ከጓሮው ሙሉ ሳር ከነሥሩ ነቅዬ አምጥቻለሁ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ ነካኩት፣ ጥሩ ሰዓት ነበር። የሱን ጥፋት እየሸሸሁ ብዙ ልጆች እንደጠየቅሁም እርግጠኛ ነበርኩ።

ሲያልቅ እዚያው ባዶው ክፍል ውስጥ ከፊቴ ተቀመጠ። ሲመለከት የጻፈበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ውስጥ አድርጎታል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለ። «ልጆቹ ሥር ለምን እንደሚጠቅም መማራቸውን በምን አወቁ?»

«ነግረውኛል እኮ» አልኩ። ዝም አለ። «ማለቴ፣ ስጠይቃቸው…» ዝም አለ። በመስኮቱ በኩል ሰፈሩ ውስጥ ቆርቆሮ ሲነቀል ይሰማል፤ ያን ሰሞን የትምህርት ቤቱን ጀርባ ቤቶች እያፈረሱ ነበር። «በቃ፣ ውሃ ይስባል፣ ተክሉን ያቆማል፣ ይህን ሁሉ…»

«ይህን ሁሉ ማን አለ?»

«እኔ።»

«ሠላሳ አራት ጥያቄ። ሠላሳውን ራስሽ መለስሽ» አለና ወረቀቱን አወጣ። «አሁንም እኮ አንዴ ጠይቄሽ ሦስት ጊዜ መለስሽልኝ።»

ውጤቱ አናደደኝ፤ ከሱ ባስኩ ማለት ነው። መናደዴ ሳይበርድ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። «አንቺ» ብሎኛል። እሱ አላስተዋለውም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ያን ቀን ብዙ አወራን። የገረመኝ፣ ምክንያቱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። «ጠይቄ ዝም ስል የማላውቅ ይመስለኛል» አለኝ። «ልጆቹ መልሱን ካላወቁ ደግሞ እኔ ያላስተማርኩ ይመስላል። ስለዚህ ቶሎ ብዬ እመልሰዋለሁ። ያኔ ሁላችንም የምናውቅ እንመስላለን።» እኔም ይህንኑ ነገር ከራሴ ስደብቅ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንሞክር ተስማማን። ከጠየቅን በኋላ በልባችን እስከ አምስት እንቆጥራለን፤ ከዚያ እጅ ያላወጣ ልጅ እንጠራለን፤ ከመጥራታችን በፊት ግን ሁሉም በደብተሩ ይሞክር፣ እኛም በዴስኮቹ መሐል እንዙር። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ላየው ቀጠሮ ያዝን።

በቀጠሮው ቀን ብቻዬን አልነበርኩም። ከክፍለ ከተማ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ሁለት ተመልካች በአንድ ትምህርት ላይ ተቀምጦ ውጤቱን ሲያስተያይ የነጥብ አሰጣጡ ይስተካከላል የሚል አሠራር ነበር፤ አሠራሩ ጥሩ ነው። ወጣቱም ክፉ ሰው አልነበረም። ሰዓቱን ዴስኩ ላይ አውልቆ አስቀምጦ፣ የትምህርት ዕቅዱን ኮፒ ጎኑ ዘርግቶ ቅጹን ያዘ።

መምህሩ ካርቶኑን አላመጣም። ሰሌዳው ላይ የጻፈው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ያው ግማሽና ሲሶ። «ሥሩት» አለና መዞር ጀመረ። የልጆቹን ደብተር እያየ፣ ምንም ሳይናገር፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ። ሲጨርስ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችውን «ነይ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፊው» አላት። ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች። ከፊት ያሉት ሦስቱ እጃቸውን አውጥተው ሊዘሉ ደረሱ። አላያቸውም።

«አልተሳሳትሽም አላልኩም፣ ተሳስተሻልም አላልኩም» አላት። «መጀመሪያ ግማሽ ዳቦ ነበረሽ። ሲሶ ጨመርኩልሽ። አሁን ሁለት አምስተኛ አለሽ። ከመጀመሪያው በለጠ ወይስ አነሰ?»

ዝም አለች። እሱም ዝም አለ። ጠመኔውን የያዘው እጁ ከሱሪው ጎን ጣት በጣት ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየቆጠረ ነው። አምስት አለፈ። አሥርም አለፈ። ወጣቱ ባለሙያ ሰዓቱን አየና የሆነ ነገር ጻፈ። እኔ ራሴ ልመልስላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ልጅቷ ሰሌዳው ጥግ ላይ ሁለት ዳቦ ሣለች። አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለአምስት ከፈለች። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ያንሳል» አለች። ቀጥላ ለማንም ሳይሆን ለራሷ «ተጨምሮ እንዴት አነሰ?» አለች።

ክፍሉ ተንጫጫ። እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ጋር መከራከር ጀመረ። መምህሩ ለሦስት ደቂቃ ያህል አላስቆማቸውም። ከዚያ የኋላዎቹን ጠራ፣ የመሐሎቹን ጠራ። ቁርጥራጮቹ እኩል ካልሆኑ መቁጠር እንደማይቻል አንድ ልጅ በራሱ ቋንቋ፣ ትንሽ ተንተባትቦ ተናገረ። ደወሉ ሲደወል ዕቅዱ ላይ ካሉት አራት ጥያቄዎች የተሠራው አንዱ ብቻ ነበር። ያን ቀን «ገባችሁ?» ያላለ መሆኑን ያስተዋልኩት ኮሪደር ላይ ነው።

ከወጣቱ ጋር ቅጾቻችንን አስተያየን። የሱ ድምር አርባ ስምንት ነው። የኔ ስልሳ አንድ።

«ሰፊ ልዩነት ነው» አለ በጨዋ ደንብ። «ማስረጃችንን እንይ። መርጃ መሣሪያ የለም፤ አንድ። ዕቅዱን አልሸፈነም፤ አንድ። ክፍል ቁጥጥር፣ ተማሪዎች ያለ ፈቃድ ሲያወሩ ሦስት ደቂቃ፤ አንድ። የሰዓት አጠቃቀም፣ ሁለት ጊዜ ረጅም ባዶ ጊዜ፤ አንድ።»

«ባዶ አልነበረም እኮ። እያሰበች ነበር።»

«ሊሆን ይችላል። ግን ማሰብ አይታይም። ያየነውን ነው የምንጽፈው።»

«ያያችሁትን ጻፉ» ያለችው የአሠልጣኟ ቃል ተመልሶ እኔው ላይ ወደቀ። ደብተሮቹን አመጣሁለት። ሁለቱን ዳቦዎች አሳየሁት። «መረዳታቸውን ያረጋግጣል» የሚለውን ነጥብ አራት አድርጎ፣ ተሳትፎን ደግሞ ወደ ሦስት ከፍ አደረገልኝ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ማብራሪያው ላይ ጣቱን እያስቀመጠ አነበበልኝ፤ ማብራሪያው እሱ ያለውን ነበር የሚለው። እኔም አሥር ነጥብ ወረድኩ። ሃምሳ አንድ ላይ ተገናኘን። በሪፖርቱ ላይ የለውጥ ዓምድ አለ፤ ከሃምሳ ስምንት ወደ ሃምሳ አንድ፣ ቀንስ ሰባት። ቀንስ ያመጣ መምህር ደግሞ ቀጥታ «ልዩ ድጋፍ የሚሹ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

ይህን ለእሱ መናገር የኔ ድርሻ ነበር። መጀመሪያ ዝም ብዬ እስኪናገር ጠበቅሁት፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ።

«የዛሬው ከባድ ነበር» አለ። «በጣም ከባድ። ዝም ስል ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ልጅቷ ግን አየሻት?»

«አየኋት።»

ቁጥሩን ነገርኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ቀንስ ምልክቷን አያት። ከፋው፤ አልዋሽም። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቶ ድጋፍ ፈላጊ ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ መጻፉ ነው። ወረቀቱን መለሰልኝና «ስለዚህ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይመደብልኛል?» አለኝ።

መመሪያውን ከካቢኔው አውጥተን አብረን አነበብን። ድጋፍ ሰጪው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስለ ክፍል ምልከታ የሠለጠነ ሰው መሆን አለበት ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሠላሳ አራት ጠይቃ ሠላሳውን ራሷ የመለሰችው ናት።

ስለዚህ ዘወትር ሐሙስ እኔ እሱን ስደግፍ፣ እሱ እኔን ሲደግፍ ያ ዓመት አለቀ። የድጋፉን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው እሱ ነበር፤ ጽሑፉ ስለሚያምር ክፍለ ከተማው ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አርአያ ብሎ አባዛው። እኔ በዓመቱ መጨረሻ ከሠላሳው ወደ አሥራ አንድ ወረድኩ። እሱ ከእኔ ቀድሞ ተሻሽሎ ስለነበር አንዳንዴ ትዕግሥት ያጣብኝ ነበር።

መምህራን ክፍል ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ነበር። ምስኪኑ ሰውዬ በስተርጅናው ተንገላታ፣ ያቺ ምክትል ደግሞ ሥልጣን ስታገኝ ተለወጠች ይባላል። ሐሙስ ስመጣ ጨዋታው ይቋረጣል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን የእንግሊዝኛዋ መምህርት ቢሮዬ መጣች። ወጣት ናት፣ ገና ሁለተኛ ዓመቷ። በሩን ዘጋችና ቆማ ቀረች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሒሳቡ ቲቸር ክፍል አጠገብ ነው የማስተምረው። ልጆቹ ሲከራከሩ ይሰማኛል። በሒሳብ ማለቴ ነው። የኔዎቹ ‹ገብቶናል› ብቻ ነው የሚሉኝ።»

«እሺ?»

«እኔም ዝርዝሩ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ።»

ያለፈው ወር ውጤቷን ገልጬ አየሁ፤ ስልሳ ስድስት ነበር፣ በትምህርት ቤቱ ከፍተኛው። በዚህ ውጤት ድጋፍ አይፈቀድም አልኳት።

ቁጥሩን አየችው። «ስንት ባመጣ ይበቃል?»

ወንበር ሳብኩላትና በመመሪያው መሠረት መልስ እንደሌለኝ ነገርኳት። ሐሙስ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ክፍት መሆኔን ጨመርኩላት።